ባለ ጥለቱ ነጠላ በሐረር

አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ሐረርን በግንብ ካጠሯት በኋላ ከተማይቱ ከውጭው ዓለም ጋር የምትገናኘው በአምስት በሮቿ ብቻ ሆነ፤ ከእነዚህም በሮች አንዱ፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ያለውና የሐረሪ ሰዎች አርጎብ በሪ፣ ሌሎቹ ደግሞ የኤረር በር የሚሉት፣ ቁልቁል ወደ ኤረር ሸለቆና በሽመና ሥራቸው ወደ ታወቁት ወደ አርጎባ መንደሮች የሚያወርደው ነው። ኤረር ቆላ ነውና ጥጥ ያበቅላል፤ ከተማይቱ ደግሞ ደጋ ቀመስ ናትና ሌሊቷ ብርድ አለው። ጥጥ የሚያበቅል ቆላና ልብስ የሚያስፈልገው ከተማ በአንድ ቀን የአህያ መንገድ ውስጥ ሲገናኙ የሸማ ሥራ ቢጸና አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ግን፣ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በታቦት አጀብ መካከል የምናየው ጠርዙ በኅብር የተሸለመ ነጭ ሸማ፣ ገና አንድ ቤተ ክርስቲያን በሐረር ሳይተከል፣ ቁርኣን በሚቀራባት በዚህች የእስልምና ከተማ ውስጥ ይሠራና ይለበስ የነበረ መሆኑ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ ባለ ጥለቱ ነጠላ ወደ ሐረር ከሸዋ ሠራዊት ጋር ብቻ እንደ ገባ አድርገው የሚናገሩ ሰዎች አሉና፣ የነገሩ ሂደት እንደዚያ አለመሆኑን በየዘመኑ ተራ መተረክ ይገባል።

አስቀድሞ ግን ሥራው እንዴት እንደሚፈጸም መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስለ ልብሱ ዋጋና ስለ ደረሰበት ለውጥ የምናወራው ሁሉ መሠረት አይኖረውም። ጥጡ ከማሳ ከተለቀመ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በቀጭን ብረት እየተዳመጠ ፍሬው ይለይለታል፤ ከዚያም በደጋን እየተነደፈ ይፍታታል፣ ይባዘታል፤ ባዘቶውም በሴቶች እጅ በእንዝርት እየተፈተለ ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ፈትል ጠንከር ብሎ መከረር አለበት፤ ድር ተወጥሮ የሚውል ስለ ሆነ የላላ ፈትል በመካከል ይበጠስበታልና። ለማግ የሚሆነው ግን ለስለስ ቢል ይመረጣል፤ ሸማው በገላ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ልስላሴ የሚመጣው ከማጉ ነውና። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ፣ በእግሩ ድሩን እየከፈተ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈ ይሠራል። የሸማው ወርድ ከሁለት ክንድ ብዙ የማያልፈውም ስለዚህ ነው፤ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ለመቀበል የሚችለው ያን ያህል ብቻ ነውና፣ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ይሰፋል። ነጠላን በብርሃን ፊት ዘርግቶ የተመለከተ ሰው በመካከሉ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደውን የስፌት መሥመር ያገኘዋል።

ጥለቱ የሚገባው በሸማው ጫፍ ላይ ነው። ሸማኔው ነጩን ማግ አቁሞ በሌላ ቀሰም የተጠቀለለ ቀለም ያለው ክር ያስገባል፤ ጥለቱ ተራ መሥመር ከሆነ መወርወሪያው ብቻ ይበቃዋል፤ የአበባ፣ የመስቀል ወይም የጠምዛዛ ቅርጽ ያለው ጥበብ ከሆነ ግን የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ፣ ጥቂቱን አንሥቶ ጥቂቱን ጥሎ፣ ትናንሽ ክሮችን በየቦታቸው ይሰካል። አንድ ክር ስቶ የቆጠረ እንደ ሆነ ቅርጹ ከዚያ በላይ ያዘነብላልና፣ ከስሕተቱ የሚድነው እስከዚያ ድረስ ያስገባውን መዝዞ እንደ ገና በመጀመር ነው። ሌላም ፈተና አለ፤ ጥለቱን ከነጩ ይልቅ አጥብቆ የመታ ሸማኔ ጫፉ ተሸብሽቦ ይመጣበታል፣ አላልቶ የመታ ደግሞ ጥለቱ እንደ ጆሮ ይንጠለጠልበታል። የጥሩ ሸማኔ ነጠላ በወለል ላይ ሲዘረጋ ነጩና ጥለቱ እኩል ይተኛሉ።

ስለ ሐረር ሸማ ግልጽ ሆኖ የተጻፈ የዓይን ምስክርነት የምናገኘው በ1847 ዓ.ም. ነው። የታኅሣሥ ወር ሊያልቅ ሲል ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሐረር ገባ፤ አሚር አሕመድ በዙፋን ላይ ነበሩ፣ እርሱም በከተማይቱ ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጦ ያየውን ሁሉ በኋላ በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ሐረርን በብዙ ነገር ያልወደዳትና ስለ ሕዝቧም በመራራ ብዕር የጻፈ ነው፤ ሸማዋን ሲገልጽ ግን አድናቆቱን መደበቅ አልቻለም። የሐረር ሸማ ዝናው ከተሰማው ከሸዋ ሸማ ጋር እኩል እንደሚቈጠር፣ በውበቱም በጽናቱም የአውሮፓን ፋብሪካ ሥራ እንደሚበልጥ፣ በባሕሩ ጠረፍ ለአንድ ባላባት የሚገባ ገጸ በረከት እንደሆነ ይመሰክራል። መጠኑንም ይነግረናል፦ 11 ክንድ ርዝመትና 2 ክንድ ወርድ ያለው ድርብ ሸማ፣ ጠርዙ በደማቅ ቀይ የተጣለ፣ ዋጋውም በከተማይቱ ውስጥ እንኳ 8 ብር፣ ያውም በዚያ ዘመን የሚሠራበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር። ፈትሉን ሴቶች እንደሚፈትሉት፣ ሽመናውን ግን ወንዶችም ሴቶችም እንደሚሠሩት ጽፏል፤ ይህ በደጋው ክርስቲያን አገር ካለው ልማድ የተለየ ነው፤ በዚያ እንዝርቱ የሴት፣ መወርወሪያው የወንድ ነበርና። የከተማይቱ ሴቶችም በጥቁር ሰማያዊና በቡናማ ቀሚሳቸው ላይ የሚታጠቁት መቀነት ነጭ ሆኖ ጠርዙ ቀይ እንደ ነበረ ያወሳል።

8 ጠገራ ብር ለአንድ ሸማ ብዙ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እንመርምረው። በአንድ ጣት ስፋት ውስጥ 20 የድር ክር፣ 20ም የማግ ክር አለ ብለን እናስብ፤ ይህ በእጅ ለተፈተለ ሸማ ልከኛ ግምት ነው። አንድ ክንድ 24 ጣት ስለ ሆነ ሁለት ክንድ ወርድ 48 ጣት፣ በእርሱም ውስጥ 960 የድር ክሮች ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ 11 ክንድ ሲረዝም ድሩ ብቻ 10,560 ክንድ ፈትል ይፈጃል። ማጉንም እንዲሁ ብናሰላው ቁጥሩ ያው ይመጣል። ድርና ማግ ተደምሮ 21,120 ክንድ፣ ልብሱ ድርብ ስለ ሆነ ደግሞ 42,240 ክንድ ይሆናል፤ ክንድን ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ብንለው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከሐረር እስከ ሐሮማያ የሚወስደውን መንገድ ያህል ክር፣ አንዲት ሴት በጣቶቿ መካከል እየሳበች በእንዝርት ፈተለችው ማለት ነው። የሽመናው ሥራ ፈታሏ ከደከመችው ድካም ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፤ ዋጋውን ከፍ ያደረገው ሽመናው ሳይሆን ፈትሉ ነበር፤ ወደ ፊት የምንተርከው ለውጥ ሁሉም የመጣው ከዚሁ ከፈትሉ በኩል ነው።

በዚያው ጊዜ ወደ ከተማይቱ ከሚገቡት የንግድ ዕቃዎች መካከል የአሜሪካ አቡጀዲድ፣ ነጭና ቀለም የገባ የጥጥ ጨርቅ፣ ቀይ ሻርፕና ሐር እንደሚገኙበት ያው መንገደኛ ዘርዝሯል። ይህን ዝርዝር ስናነብ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። በደጋው አገር ሸማኔዎች ለጥለት የሚሆን ቀይና ሰማያዊ ክር ሲያጡ ከባሕር ማዶ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ ገዝተው፣ ክሩን እየተረተሩ አውጥተው በራሳቸው ሸማ ጫፍ ላይ ይሸምኑት ነበር። በቤት የሚሠራ ማቅለሚያ በጥጥ ላይ ጸንቶ አይቆይምና፣ በሀገር ጥጥ የተሠራው ነጭ ሸማ ጌጡን ከሩቅ አገር ይቀበል ነበር። ስለዚህ ጥለት ከጥንት ጀምሮ የንግድ መንገድ ልጅ ነው፤ ካራቫኑ ሲመጣ ይሰፋል፣ መንገዱ ሲዘጋ ይጠባል። ለዚህም ነው ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ በደጋው ቤተ መንግሥት የማዕርግ ልብስ ሆኖ የኖረው፤ ቀይ ክር ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ ቀይ መልበስ የሚችለው ንጉሡና ንጉሡ የሸለመው ብቻ ነበርና።

በጥቅምት ወር 1868 ዓ.ም. የግብጽ ጦር በራውፍ ፓሻ እየተመራ ሐረርን ያዘ፤ የአሚሮቹም መንግሥት ተቋረጠ። ግብጾች እስከ 1877 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን ከተማይቱ ለውጭ ነጋዴ ተከፈተች፤ ከዓደን የመጡ የአውሮፓ ንግድ ቤቶች በውስጧ ሱቅ ከፈቱ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በእነዚህ ቤቶች በአንዱ ተቀጥሮ ወደ ሐረር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ይገዛ፣ የጥጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። የፋብሪካ ጨርቅ ለዕለት ልብስ እየተስፋፋ ሲሄድ የእጅ ሸማ ግን አልጠፋም፤ ይልቁንም ወደ በዓልና ወደ ክብር ቀን እየተሰበሰበ ሄደ። ለሥራ ቀን አቡጀዲድ፣ ለበዓል ሸማ የሚለው ልማድ ሥር የሰደደው ከዚያ ዘመን ወዲህ ይመስለኛል።

ግብጾች ለቀው ከወጡ በኋላ አሚር አብዱላሂ ሁለት ዓመት ያህል ነገሡ። በ1879 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ ግዛቱንም ለአክስታቸው ልጅ፣ በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን ሰጡ። ከሠራዊቱ ጋር ካህናት፣ የሠራዊቱ ሚስቶችና ልጆች፣ ባለ እጆችም መጡ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ግብጾች በፈረስ መጋላ አደባባይ ሠርተውት በነበረው መስጊድ ስፍራ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፤ የቅዱስ ሚካኤልም ታቦት ገባ። ይህ ለከተማይቱ ሰዎች የሽንፈት ወራት ነበረና ታሪክ ጸሐፊ ሊያልፈው አይገባም። በሸማው ነገር ግን አንድ ያልተጠበቀ ግንኙነት ተፈጠረ። አዲስ የመጣው ምእመን ለቅዳሴና ለማኅሌት የሚለብሰው ነጭ ሸማ ፈለገ፤ ከተማይቱና በዙሪያዋ ያሉት የአርጎባ መንደሮች ደግሞ ነጭ ሸማ በቀይ ጠርዝ መሥራትን ከአያት ከቅድመ አያት ያውቁ ነበር። ገዢው ክርስቲያን፣ የሸማው ባለሙያ እስላም ሆኖ ገበያ አገናኛቸው።

ልዩነቱ በአለባበሱ ላይ ነበር። ሐረሬው ሸማውን በትከሻው ላይ ጥሎ ወይም በወገቡ ታጥቆ ይሄዳል፤ ጠርዙ ጌጥ እንጂ ሌላ ምልክት የለውም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ግን ጥለቱ የሚውልበት ስፍራ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋል፤ ይኸውም አንዱን ጫፍ በቀኝ፣ ሁለተኛውን በግራ ትከሻ ላይ አሳልፎ ጥለቱ በደረትና በጀርባ ላይ ትእምርተ መስቀል እንዲሠራ ማድረግ ነው። በጌታ ፊት የሚቆም አሽከር ሸማውን በወገቡ አዙሮ ያደገድጋል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ሴት ነጠላዋን ጥለቱ ወደ ታች እንዲወርድና ከቀሚሷ ጥለት ጋር እንዲገጥም አድርጋ ትለብሳለች። ሐዘን የደረሰባት ግን ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገቷ ታደርገዋለች፤ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው አንድ ቃል ሳትናገር ማን እንደ ሞተባት ለመጠየቅ ይጠጋታል። በአንድ ዓይነት ልብስ፣ ጫፉ የሚወድቅበትን ስፍራ በመለዋወጥ ብቻ፣ ጸሎትን፣ አገልግሎትን፣ ደስታንና ሐዘንን መለየት የሚያስችለው ጥለቱ ነው። ሸማው ሙሉ በሙሉ ነጭ ቢሆን ኖሮ ላዩና ታቹ አይታወቅም ነበር።

ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ በቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ ቁልቢም ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ስትሆን በየዓመቱ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 ቀን የሚከበረው ንግሥ ስለት ያለበትን ሁሉ ከየአገሩ የሚጠራ ሆነ። ለዚህ በዓል አዲስ ነጠላ መልበስ ልማድ ሆነና የሸማኔው ሥራ ከበዓሉ ወራት ጋር ታሰረ። ታኅሣሥ ከመድረሱ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ወራት፣ ከዚያም ጥምቀት እስኪያልፍ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ሸማኔው ትእዛዝ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ጉድጓዱ ርጥበት ይይዛል፣ ሥራውም ይቀዘቅዛል።

በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ። በሸማ ታሪክ ውስጥ ከጨለንቆ ጦርነት የሚበልጥ ለውጥ ያመጣው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ቀድሞ በግመል ጀርባ ከዘይላ ለብዙ ቀናት ተጉዞ ይመጣ የነበረው ዕቃ አሁን በፉርጎ ተጭኖ ከሐረር ግርጌ ይራገፍ ጀመር፤ ከዕቃውም መካከል የሕንድ ነጋዴዎች የሚያስመጡት በመኪና የተፈተለ የጥጥ ክር ነበረበት። ከላይ የቆጠርነውን 20 ኪሎ ሜትር ፈትል እናስታውስ፤ ያ ሁሉ የሴት ድካም በአንድ ጊዜ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ሆነ። ሆኖም ሸማኔዎች የመኪናውን ክር የተቀበሉት በእጅ ከተፈተለው ጋር አጋብተው ነው። የመኪና ክር እኩልና ጠንካራ ስለ ሆነ ለድር ተስማማቸው፤ ሲወጠር አይበጠስምና። ማጉን ግን በእጅ ከተፈተለው አደረጉት፤ ሸማው ለስላሳ ሆኖ ብርድ የሚከለክለው በዚያ ስለ ሆነ። በመኪና ድርና በእጅ ማግ የተሠራ ነጠላ ለብዙ ዓመታት የሐረርም የመላው አገርም ደንበኛ ልብስ ሆኖ የቆየው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለውን ሸማ ለመለየት ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይበቃል፤ በቁመቱ የሚሄዱት ክሮች አንድ ዓይነት ናቸው፣ በወርዱ የሚሄዱት ግን አንድ ስፍራ ወፈር፣ አንድ ስፍራ ቀጠን ይላሉ።

ከክሩም ጋር አዲሱ ማቅለሚያ መጣ። ቀድሞ ቀይና ሰማያዊ ብቻ የነበረው ጥለት አረንጓዴ፣ ብጫና ሐምራዊ ተጨመረለት፤ ሸማኔውም የሰው ጨርቅ እየተረተረ ክር መፈለጉን ተወ። ነገር ግን ከርካሽ ማቅለሚያ ጋር አዲስ መከራ ተከተለ፤ በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ቀለም ለቅቆ ነጩን ሁሉ ሮዝ ያደርገዋል፤ የተበላሸውንም ሸማ ወደ ነጭነቱ የሚመልስ ነገር የለም። ስለዚህ አስተዋይ ሴት ነጠላ ስትገዛ የጥለቱን ጫፍ በምራቋ ወይም በውኃ አርሳ በነጭ ጨርቅ ትጫነዋለች፤ ቀለም የነካ እንደ ሆነ ትተዋለች። በእንዶድ ስታጥብም ጥለቱን ከነጩ ለይታ በመጨረሻ ውኃ ታስነካዋለች፣ ስታሰጣውም ጥለቱ ከነጩ ጋር እንዳይነባበር ጫፉን ወደ ታች ዘርግታ ታንጠለጥለዋለች።

ራስ መኰንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ታመው በቁልቢ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ወደ ሐረር ተመልሶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ሐረር ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል የገዟትን ሰው ስትቀብር ከላይ የገለጽነው የሐዘን አለባበስ ሥርዐት በከተማይቱ ሥር ሰዶ ነበር። ልጃቸው ተፈሪ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ሐረር የመስፍን ግዛት ሆና ከበረች፤ የቤተ መንግሥቱ መኳንንትና ወይዛዝርት ጥለቱን በሐርና በወርቀ ዘቦ እያሠሩ ይለብሱ ነበር፤ ጠባቧ ቀይ ጠርዝ ከአንድ ጣት ተነሥታ እስከ አንድ ስንዝር የሰፋችው በዚያ ዘመን ነው።

በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ፤ በሚያዝያ መጨረሻም ጠላት ገባ። በአምስቱ ዓመት የወረራ ጊዜ ስለ ሸማ ብዙ የምለው የለኝም፤ በጦርነት ዘመን ሰው ያለውን ይለብሳል። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ሐረር ደረሰ። ከወረራው ወዲህ ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካ ተተክሎ ስለ ተገኘ፣ ክሩ ከሕንድ መምጣቱ ቀርቶ በአገር ውስጥ፣ ከሐረር በአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ይፈተል ጀመር። ያኔም በመኪና የተፈተለው ክር ወደ ማጉ ገባ፤ ሁለቱም፣ ድሩም ማጉም፣ የፋብሪካ የሆነበት ነጠላ ረከሰ፣ ለድሀውም ደረሰ፤ ነገር ግን ስስና ቀዝቃዛ ሆነ፤ ባልቴቶች ገና በእጃቸው ሲነኩት ያውቁታል። ለልጃቸው ሠርግ ወይም ለራሳቸው መቀበሪያ የሚያስቀምጡትን ለማሠራት ግን በእጃቸው የፈተሉትን ልቃቂት ይዘው ወደ ሸማኔው የሚሄዱ ሴቶች ከዚያም በኋላ አልጠፉም።

በደርግ ዘመን ሁለት ነገሮች ባንድነት መጡ። ሸማኔው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ክሩን በኮታ እንዲቀበል ሆነ፤ ኮታው ሲዘገይ ጉድጓዱ ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። መሬት በዐዋጅ ሲወረስ ደግሞ በኤረር ሸለቆ የእርሻ ባለቤቶች የነበሩት ሐረሬዎች ርስታቸውን አጡ፤ ብዙዎቹም ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር ተሰደዱ። በዙሪያው ያለው መሬት ቀስ በቀስ ወደ ጫት ተለወጠ፤ ጫት በዓመት ብዙ ጊዜ ተቈርጦ የሚሸጥ ስለ ሆነ በማሳው ላይ ጥጥ ሊዘራ የሚፈልግ ገበሬ ጠፋ። በርተን በኮረብታው ላይ በብዛት ይበቅላል ያለው ጥጥ ከሐረር ዙሪያ የራቀው በባላንጣነት ሳይሆን በገበያ ሒሳብ ነው፤ ገበሬውንም ለመውቀስ ምክንያት አላገኝም።

ዛሬ በሐረር በጥምቀት ቀንና በቁልቢ መንገድ ላይ የሚታየው ነጠላ አብዛኛው በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳ ባሉት የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ የሚሠራ ነው፤ ነጋዴው አምጥቶ በሱቅ ይሰቅለዋል፤ ጥለቱም በየዓመቱ በሚለዋወጥ ኅብረ ቀለም ይመጣል። ከእርሱ ጎን ደግሞ ጥለቱ በማሽን የታተመ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ይህን የሚገዛ ድሀ ሰው በዓሉን በነጭ ልብስ ማክበሩ ያስደስተኛልና አልነቅፈውም፤ ሻጩ ግን የእጅ ሥራ ነው ብሎ ሲሸጠው በደል ነውና ገዢ መለየት አለበት። መለየቱም አይከብድም። ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት፤ የታተመው ከጀርባው የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው፤ የተሸመነው ግን በጀርባው የክሮቹ መሻገሪያና ሸማኔው ቀሰም ለውጦ የቆረጣቸው ጫፎች ይታያሉ። ቀጥሎ በነጩ መካከል ያለውን ስፌት ይፈልግ፤ በእጅ የተሠራ ነጠላ ሁለት ቁራጭ ነው፣ የማሽኑ አንድ ወጥ ነው። በመጨረሻም ዘርፉን በጣቱ ይንካው፤ በእጅ ሥራ ዘርፉ የድሩ ራሱ ጫፍ ሆኖ እየተጠማዘዘ የሚታሰር ሲሆን፣ በማሽን ሥራ ግን ከጫፉ ላይ ተቀጥሎ የተሰፋ ነው፣ ቢጎተትም ይወልቃል።